ፍሬኑ ተሠርቷል፣ ዝናብ ላይ ግን መኪናዋ አትቆምም፤ ጎማ ይሆን?

ሰሚት ቪትዝ | ሐምሌ 9
ሰላም ለሁላችሁ። የምነዳው አሮጌ ቪትዝ ነው። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ግራ ገብቶኛል። በደረቅ አስፋልት ፍሬኗ ቀጥ አድርጎ ይይዛል። ዝናብ ላይ ግን ስረግጠው እግሬ ስር ትርርር ይላል፣ መኪናዋ ደግሞ ወደፊት መንሸራተቷን አትተውም። ባለፈው ቀለበት መንገድ ላይ ፊቴ ያለው ታክሲ ድንገት ሲቆም ለጥቂት ነው የተረፍኩት።

መካኒክ ጋ ወስጃት የፊት ሸራ ተቀየረ። ለውጥ የለም። አሁን ደግሞ ዲስኩ ይቀየር እያለኝ ነው። ጎማዎቹ ገና ጥርስ አላቸው፣ ቆሜ ሳያቸው ደህና ናቸው። ንፋሱንም ጎሚስታው 32 ሞልቶልኛል። የቦሎ ምርመራም አልፋለች። ዲስክ ልግዛ ወይስ ሌላ የማየው ነገር አለ?

አባ መላ | ሐምሌ 9
ወንድሜ፣ ያ ትርርር የሚለው ኤቢኤስ ነው። ኤቢኤስ ያለው መኪና ዝናብ ላይ ቶሎ መቆም ነበረበት። ካልቆመ ሴንሰሩን አስፈትሸው። በዚህ መሃል ግን ንፋሱን ቀነስ አድርግ፣ 25 በቂ ነው። ጎማው ሲላላ መሬት የሚነካው ቦታ ይሰፋል፣ ሲሰፋ ይይዛል። እኔ ክረምት በመጣ ቁጥር እቀንሳለሁ፣ አንድም ቀን አላንሸራተተኝም።

ሰሚት ቪትዝ | ሐምሌ 9
እህት ነኝ 🙂 ሴንሰር ከሆነ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት አይበራም እንዴ? ምንም መብራት የለም።

አውቶ መምህር | ሐምሌ 10
እህቴ፣ ዲስኩን ለጊዜው ተይው። ኤቢኤሱ እየሠራ ነው። ትርርር ያለው ጎማው ሊቆለፍ ሲል ፍሬኑን ለቀቅ ያዝ እያደረገ ስለሆነ ነው። ይኼ ማለት ፍሬንሽ ጎማውን የማቆም ጉልበት አለው፣ ጎማው ነው አስፋልቱን መያዝ ያቃተው። ኤቢኤስ መሪሽ እንዲታዘዝልሽ ያደርጋል እንጂ ጎማና መሬት መካከል የሌለ መያዣ አይፈጥርም። ደረቅ ላይ ደህና ሆና ዝናብ ላይ ብቻ የምትንሸራተት መኪና መጀመሪያ የሚታየው ጎማዋ ነው።

"ቆሜ ሳያቸው ደህና ናቸው" ያልሽው ላይ ግን አልተስማማሁም። ቆመሽ የምታዪው የውጭውን ጠርዝ ብቻ ነው። የፊት ጎማ ግን ከውስጥ፣ ከመኪናው ሆድ በኩል ብቻ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ አንድ ወገን አዙረሽ አቁሚና ከጎማው ኋላ ጎንበስ ብለሽ እዪ። ከዚያ ለኪ። የጥርስ ጥልቀት መለኪያ ርካሽ ነው፣ መለዋወጫ ሰፈር ይገኛል። ካጣሽ ካሊፐር ያለው ሰው ፈልጊ፣ ከጭራው የምትወጣዋ ቀጭን ዘንግ ያንኑ ሥራ ትሠራለች። እያንዳንዱን ጎማ ሦስት ቦታ ለኪ፤ ከውጭ፣ ከመሃል፣ ከውስጥ። ቦዩ ውስጥ እዚህም እዚያም ትንሽ ከፍ ያሉ ጉብታዎች ታገኛለሽ። እነሱ ላይ አትለኪ። ጥርሱ አልቆ ከነሱ እኩል ከሆነ የቀረው 1.6 ሚሊሜትር ነው፣ በብዙ አገር ሕግ ጎማው አለቀ የሚባለው እዚያ ላይ ነው። አዲስ የቤት መኪና ጎማ ወደ 8 ሚሊሜትር ይሆናል።

ንፋሱን ደግሞ ነገ ጠዋት መኪናዋ ሳትንቀሳቀስ ለኪ። የሾፌሩን በር ስትከፍቺ ምሰሶው ላይ ወረቀት ተለጥፏል፣ ትክክለኛው ቁጥር እዚያ አለ። የጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ትልቅ ቁጥር አትከተዪ፣ እሱ ጎማው የሚችለው ጣሪያ ነው።

@አባ መላ፣ የ25ቱን ነገር እመለስበታለሁ።

አይሱዙ በረሃ | ሐምሌ 10
እኔ የጭነት ነኝ፣ የጅቡቲ መስመር። ንፋስ ላይ የምመክረው፣ ቆላ ስትወርጂ አትርሺው። ጠዋት አዲስ አበባ ለክቼ እነሳለሁ፣ አዋሽ ደርሼ ስለካው ጨምሮ አገኘዋለሁ። ረዳቶቹ "ሊፈነዳ ነው" ብለው ያስተነፍሱታል። እኔ አላስነካም። ማታ ሲበርድ ጎድሎ ያድራላ።

አውቶ መምህር | ሐምሌ 10
ጋሼ አይሱዙ ትክክል ነዎት፣ ጥያቄዋ ስለ ቪትዝ ቢሆንም ይኼ ለሷም ይጠቅማል። የንፋስ መለኪያ የሚያሳየው በውስጡና በውጩ አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች የውጩ አየር ቀላል ነው። አዋሽ ሲወርዱ የውጩ አየር ይከብዳል። ሙቀቱ ባይለወጥ ኖሮ መለኪያው ወደ 2 ፒ.ኤስ.አይ. ቀንሶ ያሳይ ነበር። ሙቀቱ ግን ወደ ላይ ይገፋዋል። ለቤት መኪና ጎማ በየ10 ዲግሪው ከ1 እስከ 2 ቢጨምር ነው። ጠዋት 12 ዲግሪ ላይ 32 የሞላ ሰው አዋሽ 35 ዲግሪ ላይ ቆሞ፣ ጎማው ከአየሩ እኩል ሆኖ ቢለካ 33 ወይም 34 ያገኛል። ከመንገድ እንደደረሰ ቢለካ ደግሞ ከዚያም በላይ። ይኼ ጤናማ ነው፣ አይተነፈስም።

ሜሪላንድ ነኝ | ሐምሌ 10
እዚህ አሜሪካ ሰው በሳንቲም ነው የሚለካው። የአንድ ሳንቲሟን ፔኒ የሊንከንን አናት ወደ ታች ዘቅዝቀሽ ቦዩ ውስጥ ትከቺያለሽ። የፀጉሩ ጫፍ ከታየ ጎማው አልቋል። ለዝናብ ግን በ25 ሳንቲሟ መለካት ይሻላል ይላሉ፣ የዋሽንግተን ፀጉር ከታየ የቀረው 3 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የእኛን ብር በዚህ መንገድ የሞከረ አለ?

የጎሚስታ ልጅ | ሐምሌ 11
የብር ሳንቲም ሞክሬ አላውቅም። እኛ ጋ ጥፍር ነው መለኪያው 😄

እህት፣ ስለ 32ቱ ግን አንድ ነገር ልበልሽ። ስንት ሰዓት ነው ያስሞላሽው? ከሥራ ስትመለሺ ከሆነ ጎማው ሞቋል። ሙቅ ላይ 32 የሆነ ጎማ ጠዋት 28 ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ መለኪያውን ተጠራጠሪ። አባቴ ቤት ያለው መለኪያ ስንቴ መሬት ወድቋል፣ አንድም ቀን ከሌላ ጋር ተነጻጽሮ አያውቅም። የብዙ ጎሚስታም እንደዚያው ነው። የራስሽን ትንሽ መለኪያ ግዢና ሁሌ በሱ ለኪ።

ሰሚት ቪትዝ | ሐምሌ 12
እሺ፣ ለክቻለሁ። ካሊፐሩን ከጎረቤት ተዋስኩ፣ የንፋስ መለኪያ ገዛሁ። ዛሬ ጠዋት ከመነሳቴ በፊት ነው።

የፊት ግራ፦ ውጭ 3.5፣ መሃል 3.2፣ ውስጥ 1.2። ንፋስ 27።
የፊት ቀኝ፦ ውጭ 3.4፣ መሃል 3.1፣ ውስጥ 1.5። ንፋስ 22!
የኋላ ሁለቱም፦ ሦስቱም ቦታ 4 ገደማ። ንፋስ 28 እና 28።

በሩ ላይ 220 ይላል፣ 32 መሆኑ ነው አይደል? ከውስጥ በኩል ያየሁት ግን አስደንግጦኛል፣ ሙልጭ ያለ ነው፣ እጄን ሳሳልፍበት ቦዩ እንኳ አይታወቀኝም። ከውጭ ስታዪው እኮ አዲስ ነው የሚመስለው።

አንድ ደስ ያለኝ ነገር፣ የኋላዎቹ ላይ 3114 የሚል አለ። የ2014 ስለሆኑ ብዙም አላረጁም ማለት ነው አይደል?

የጎሚስታ ልጅ | ሐምሌ 12
እህቴ በፈረንጅ ነው! የ2014 31ኛው ሳምንት። በእኛ ሐምሌ 2006 ነው።

ሰሚት ቪትዝ | ሐምሌ 12
ኧረ በማርያም 😳

አውቶ መምህር | ሐምሌ 12
አዎ፣ 220 ኪሎፓስካል ማለት 32 ነው። ልኬትሽ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይነግረናል።

አንደኛው አላይመንት ነው። ሁለቱም የፊት ጎማዎች ከውስጥ ብቻ ካለቁ አብዛኛውን ጊዜ ጎማዎቹ ከፊት በኩል ወደ ውጭ ተከፍተው ነው የሚሄዱት። መሪው ቀጥ ብሎም ቢሆን እያንዳንዱ ጎማ ትንሽ በጎኑ እየተጎተተ ነው። ጥፋቱ የንፋስ ማነስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከውስጥም ከውጭም እኩል ይበላ ነበር፣ ንፋስ ከበዛ ደግሞ መሃሉ ይበላል። ስለዚህ አዲስ ጎማ ገዝተሽ አላይመንት ካላሠራሽ አዲሱም በዚያው ይሄዳል። አላይመንት ከማሠራትሽ በፊት የመሪ ጫፎቹ ያልላሉ መሆናቸውን ይዩልሽ፣ የላላ ነገር ላይ የተስተካከለ አላይመንት አይጸናም።

ሁለተኛው የፊት ቀኝ 22 ነው። የትኛውም ጎማ ጊዜ ሲያልፍ ጥቂት ይጎድላል፣ ካስሞላሽ ብዙም ሳይቆይ ከሌሎቹ በዚህ ያህል መለየቱ ግን የሚተነፍስበት ቦታ እንዳለው ነው የሚያሳየው። የሳሙና ውሃ ቫልቭላው ላይ፣ ጎማውና ቸርኬው የሚገናኙበት ዙሪያና ጥርሱ ላይ አፍስሺ፣ አረፋ የሚሠራበትን ፈልጊ።

አሁን ወደ ዝናቡ። የቦዮቹ ሥራ ውሃውን ከጎማው ስር ማውጣት ነው። ውስጠኛው ጠርዝሽ ላይ ቦዩ ስላለቀ በዚያ በኩል ያለው ውሃ በቂ መውጫ የለውም። ጎማው ውሃውን ገፍቶ አስፋልቱ ላይ እስኪደርስ ድረስ የሚይዘው ነገር የለም።

በቁጥር ልንገርሽ። ደህና ጎማ እርጥብ መንገድ ላይ ከክብደቱ 0.7 ያህሉን ይይዛል እንበል፣ ያለቀው ደግሞ 0.4። የአንቺ መኪና በትክክል ይኼ ነው ማለቴ ሳይሆን ልዩነቱን ለማሳየት ነው። በሰዓት 60 እየሄድሽ ፍሬን ከያዝሽ ደህናው ጎማ በ20 ሜትር ያቆምሻል፣ ያለቀው በ35 ሜትር። ፍሬን ለመርገጥ የፈጀብሽን አንድ ሰከንድ ገና አልቆጠርኩም፣ እሷ ብቻ 17 ሜትር ገደማ ትበላለች።

15 ሜትር ልዩነት ማለት አራት ቪትዝ ተከታትለው የሚቆሙበት ቦታ ነው። ክፋቱ ግን ይኼ አይደለም። ጥሩ ጎማ ያላት መኪና ሙሉ በሙሉ የቆመችበት ቦታ ላይ ያንቺ ገና በ39 እየሄደች ነው። ታክሲውን የምትመቺው በዚያ ፍጥነት ነው። ሰው "ትንሽ ራቅ ብላ ትቆማለች" ሲል የሚያስበው በእርምጃ ፍጥነት ጠጋ ማለትን ነው፤ እንደዚያ አይደለም።

አባ መላ | ሐምሌ 12
መምህር፣ ሒሳቡ ጥሩ ነው፣ ግን የውድድር መኪኖች ጎማ እኮ ጭራሽ ጥርስ የለውም። ጥርስ ከሌለ አይዝም ማለት አይቻልም።

አውቶ መምህር | ሐምሌ 12
ልክ ነህ፣ ደረቅ ላይ። ደረቅ አስፋልት ላይ ያለቀ ጎማ ከአዲሱ እኩል ሊይዝ ይችላል፣ አንዳንዴም ይበልጣል፣ ጎማው በሙሉ መሬት ስለሚነካ። እህታችንንም ያታለላት ይኸው ነው፣ በጋውን ሙሉ ምንም አልታወቃትም። የውድድር መኪኖቹም ቢሆኑ ዝናብ ሲመጣ ገብተው ቦይ ያለው ጎማ ያስቀይራሉ።

ወደ 25ቱ እንምጣ። አሸዋና ጭቃ ላይ ንፋስ መቀነስ ይሠራል፣ በዚህ ልክ ነህ። ውሃ ያለበት አስፋልት ላይ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። የላላ ጎማ መሃሉ ወደ ውስጥ ይጎብጣል፣ ቦዮቹ ይጠባሉ፣ መሬቱን የሚጫነው ግፊትም ይቀንሳል። ጎማ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍበትን ፍጥነት ለመገመት ድሮ ከአውሮፕላን ጎማ ሙከራ የወጣ ስሌት አለ፤ የንፋሱን ስኩዌር ሩት በ10.35 ማባዛት ነው፣ መልሱ በማይል ይመጣል። ሙልጭ ላለ ጎማና ጠለቅ ላለ ውሃ በ32 ንፋስ 94 ኪሎሜትር በሰዓት ይሰጣል። በ22 ደግሞ 78። የመኪና ጎማ ቅርጹ የተለየ ስለሆነ ቁጥሩን እንደ ድንበር አትያዙት፣ ከዚያ በታችም ሊንሳፈፍ ይችላል። አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው። የአዳማን ፈጣን መንገድ በዝናብ የሚሄድ ሰው ሁለቱንም ፍጥነት በቀላሉ ያልፋቸዋል።

አባ መላ | ሐምሌ 12
እንግዲያው 40 ልሙላና ልገላገል። ቤንዚንም ይቆጥባል ይላሉ።

የጎሚስታ ልጅ | ሐምሌ 12
ቤንዚኑን ትንሽ ይቆጥብልሃል፣ ጎማውን መሃሉ ላይ ይበላብሃል። የኛ ሰው መሃል የለውም እኮ፣ ወይ 25 ወይ 40!

ሜሪላንድ ነኝ | ሐምሌ 13
እዚህ መኪናው ራሱ መብራት ያበራል። ግን እሱም የሚያበራው ከተባለው 25 በመቶ ሲጎድል ነው። 32 ከሆነ 24 እስኪደርስ ዝም ሊልሽ ይችላል። የሰሚቷ እህት መኪና መብራቱ ቢኖራት ኖሮ ለቀኙ ነበር የሚያበራው፣ 27 እና 28ቱን ዝም ይላቸው ነበር።

አይሱዙ በረሃ | ሐምሌ 13
ቦሎው እንዴት አለፈ ግን? ያንን የሚመልስልኝ የለም።

ሰሚት ቪትዝ | ሐምሌ 13
እኔም እሱን ነው የማስበው። ዙሪያውን አዩ፣ ፍሬኑ ተፈተሸ፣ አለፈ። መሪውን አዙሮ ከውስጥ ያየ ሰው አላስታውስም።

ለማንኛውም፣ የሳሙናውን ውሃ ሞከርኩት። ከቫልቭላው አፍ ነው አረፋ የሚወጣው። አሁን ያለኝ ገንዘብ ሁለት ጎማ ነው የሚገዛው። ፊት ላስገባቸው አይደል? ያለቁት የፊቶቹ ናቸው።

አውቶ መምህር | ሐምሌ 13
ብዙ ሰው አይስማማኝም፣ ግን አዲሶቹ ወደ ኋላ ይግቡ፣ የኋላዎቹ 4 ሚሊሜትር ወደ ፊት ይምጡ። ዝናብ ላይ የፊት ጎማ ከለቀቀ መኪናው መሪ አልታዘዝ ብሎ ቀጥ ይላል፤ ይታወቅሻል፣ ነዳጅ ስትለቂ ይመለሳል። የኋላው ከለቀቀ ግን መታጠፊያ ላይ ጭራዋ ትዞራለች፣ እሱን የሚመልስ ሹፌር ብዙ የለም።

የጎሚስታ ልጅ | ሐምሌ 13
መምህር፣ ይኼን ሁሌ እሰማለሁ፣ በሌላ መኪና እቀበለው ነበር። እዚህ ግን ወደ ፊት አምጧቸው የሚሉት የ2006 ጎማዎች ናቸው። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ በብዛት ወደ ፊት ነው የሚመጣው። 4 ሚሊሜትር ጥርስ ኖሮት እንጨት የሆነ ጎማ ምን ያደርግላታል? ደንበኛዋ ለማቆም ተቸገርኩ ነው ያለችው እንጂ ጭራዋ ዞረ አላለችም።

አውቶ መምህር | ሐምሌ 13
የዕድሜውን ነገር አልክድም። ስንጥቅ ካለው ከፊትም ከኋላም መሆን የለበትም። ግን ያረጀ ጎማ ኋላ ላይ ተውልኝ ማለት ደግሞ ያንኑ አደጋ ወደ መታጠፊያው ማዛወር ነው። እህቴ፣ ጎኑን በእጅሽ ጫን ብለሽ እዪ፣ ቦዮቹ ስር ያለውንም። ቀጫጭን ስንጥቅ አለ?

ሰሚት ቪትዝ | ሐምሌ 14
ቦዮቹ ስር ፀጉር የሚያክሉ አሉ። ጎኑ ላይ በአንደኛው ብቻ። እንግዲህ ሁለታችሁም አራቱ ይቀየሩ እያላችሁኝ ነው 😅

አንድ ጎሚስታ ደግሞ ያለቁትን ቦይ በትኩስ ብረት ቆርጬ አዲስ አደርግልሻለሁ አለኝ። ዋጋው ምንም አይደለም።

የጎሚስታ ልጅ | ሐምሌ 14
እንዳታስነኪ!! ያለቀ የቤት መኪና ጎማ ከቦዩ ስር የቀረው ላስቲክ ቀጭን ነው፣ ከዚያ ስር ሽቦ አለ። ሲቆረጥ ያምራል፣ ሽቦው ጋ ሲደርስ ውሃ ይገባል፣ ይዝጋል፣ ፍጥነት ላይ ይላጣል። ለመቆረጥ ተብለው የተሠሩ የከባድ መኪና ጎማዎች አሉ፣ ጎናቸው ላይ ተጽፎባቸዋል። ያንቺ አይደለም።

አይሱዙ በረሃ | ሐምሌ 14
የኔ ላይ ተጽፏል፣ እኔም አላስቆርጥም።

ሰሚት ቪትዝ | ሐምሌ 19
ሁለት አዲስ ገዛሁ፣ የተመረቱበትን ቁጥር ራሴ አንብቤ፣ በፈረንጅ ቆጥሬ። በመጨረሻ ወደ ፊት ነው ያስገባኋቸው፣ መምህር ይቅርታ። የኋላዎቹን ደግሞ ደሞዝ እስኪወጣ ነው፣ እስከዚያ ከከተማ አልወጣም። የግራው የመሪ ጫፍ ልል ነበር፣ ተቀየረ፣ ከዚያ አላይመንት ተሠራ። የቀኙ ቫልቭላ ውስጡ ያለችው ትንሿ መርፌ ብቻ ተለወጠች።

ትናንት ማታ ዝናብ ላይ ባዶ መንገድ አግኝቼ በ40 ሞከርኳት። ያ ትርርር የመጣው ልትቆም ስትል ብቻ ነው፣ በፊት ገና ስነካው ነበር የሚጀምረው። ዲስኩን አልገዛሁም።

አውቶ መምህር | ሐምሌ 19
ይቅርታው ለእኔ አይደለም፣ ለመታጠፊያው ነው። የኋላዎቹ እስኪቀየሩ ዝናብ ላይ ስትታጠፊ ቀድመሽ ፍጥነት ቀንሺ፣ መታጠፊያው ውስጥ ገብተሽ ድንገት ነዳጅ አትልቀቂ፣ ፍሬንም አትርገጪ። ከሳምንት በኋላ ደግሞ ጠዋት ንፋሱን ለኪ፣ ቀኙ አሁንም ከግራው ካነሰ ቫልቭላው ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

አባ መላ | ሐምሌ 20
እኔም ዛሬ መሪዬን አዙሬ አየሁት። የቫልቭላ መርፌ የት ነው የሚሸጠው?

የጎሚስታ ልጅ | ሐምሌ 20
የትም ጎሚስታ አለ፣ በነፃ ነው የሚሰጥህ። መጀመሪያ 32 ሙላ።